«90 በመቶ ትክክል» የተባለ የመርሳት በሽታ ምርመራ ፖዘቲቭ ሲል፣ በሽታው በእርግጥ የመኖሩ ዕድል ስንት ነው?

ጥያቄ፦ እናቴ 67 ዓመቷ ነው፤ የምንኖረው ሐዋሳ ነው። ፊደል አልቆጠረችም፤ አሁንም ገበያ ወጥታ ቅቤ ትሸጣለች። ሰሞኑን በሰፈራችን አዳራሽ በተደረገ ነጻ ምርመራ ሚኒ ሜንታል የሚባለውን የማስታወስ ፈተና በአማርኛ ሰጥተዋት ከ30 19 አገኘች። ከ24 በታች ስለሆነ ፖዘቲቭ ነው፣ ምርመራው ደግሞ 90 በመቶ ትክክል ነው አሉን። እንግዲህ እናቴን የመርሳት በሽታ የያዛት የመሆኑ ነገር 90 በመቶ ነው ማለት ነው? እህቶቼ ገበያ መውጣቷን እናስቁማት እያሉ ነው።

መልስ፦ አይደለም። በገለጹልኝ ሁኔታ እናትዎ በሽታው ያለባቸው የመሆኑ ዕድል ከ90 በመቶ እጅግ ያነሰ ነው፤ የሚያመዝነው በሽታው የሌለባቸው መሆኑ ነው። ገበያ መውጣታቸውንም በዚህ ውጤት ብቻ አታስቁሟቸው። ለምን እንዲህ እንደምል በቁጥር ላሳይዎ፤ ስሌቱ ከመደመርና ከማካፈል አያልፍም።

«90 በመቶ ትክክል» የሚለው አነጋገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ደባልቆ ይዟል። አንደኛው ሴንሲቲቪቲ የሚባለው ነው፤ በሽታው በእርግጥ ካለባቸው 100 ሰዎች መካከል ምርመራው ስንቱን ይይዛል የሚለውን ይነግረናል። ሁለተኛው ስፔሲፊሲቲ ነው፤ በሽታው ከሌለባቸው 100 ሰዎች መካከል ምርመራው ስንቱን ደኅና ናችሁ ብሎ ያሰናብታል የሚለውን ይነግረናል። ሚኒ ሜንታልን በተመለከተ ብዙ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ከ24 በታች ያገኘ ሁሉ ፖዘቲቭ ይባል ቢባል ሁለቱም ወደ 89 በመቶ ይጠጋሉ። ስለዚህ የነገሯችሁ ቁጥር የፈጠራ አይደለም። ችግሩ ቁጥሩ የሚመልሰው ጥያቄ እርስዎ የጠየቁት አለመሆኑ ነው።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የሚገኙት እንዲህ ነው። አጥኚዎች የተወሰኑ ሰዎችን ሰብስበው እያንዳንዱን በሐኪም ሙሉ ምርመራ ያሳልፋሉ፤ ቤተሰብ ይጠየቃል፣ ደም ይመረመራል፣ አስፈላጊ ሲሆን የአእምሮ ምስል ይነሣል። ማን በሽታው እንዳለበት ማን እንደሌለበት ከታወቀ በኋላ አጭሩ ፈተና ከዚህ ጋር ይነጻጸራል። ማለትም የታመሙት ለብቻ፣ ጤነኞቹ ለብቻ ተቀምጠው ነው የሚቆጠረው። እርስዎ ያላችሁበት ግን ሌላኛው ጫፍ ነው፤ በእጃችሁ ያለው «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ነው፣ የማታውቁት ደግሞ በሽታው መኖር አለመኖሩን። ከወረቀቱ ወደ በሽታው ለመድረስ ሦስተኛ ቁጥር ያስፈልጋል። እሱም በሽታው ከመጀመሪያው፣ ማንም ሳይመረመር፣ በእነዚያ ሰዎች መካከል ምን ያህል ተስፋፍቶ ይገኛል የሚለው ነው። በዚያ አዳራሽ ያልተነገራችሁ ይህ ነው።

አሁን አዳራሹን በሰው እንሙላው። 60 ዓመት ያለፋቸው 200 ሰዎች መጥተዋል እንበል። ከመካከላቸው 5 በመቶው በሽታው አለባቸው ብለን እንነሣ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ60 ዓመት በላይ ላሉ ሰዎች ሲጠቅስ የቆየው ግምት ከ5 እስከ 8 በመቶ ነው። በእናትዎ ዕድሜ ደግሞ ከዚህ ያንሳል፤ የመርሳት በሽታ ከ65 ዓመት በኋላ በየአምስት ዓመቱ በግምት እጥፍ እየሆነ የሚሄድ በመሆኑ አብዛኛው ሸክም የሚያርፈው 80 ዓመት በተሻገሩት ላይ ነው። ለስሌቱ ግን 5 በመቶን እንያዝ። ከ200ው 10 ሰዎች በሽታው አለባቸው፣ 190ው የለባቸውም።

ከአሥሩ ምርመራው 90 በመቶውን ይይዛል፤ 9 ሰዎች ፖዘቲቭ ይባላሉ፣ 1 ሰው ያመልጣል። ከ190ው ጤነኞች ምርመራው 90 በመቶውን በትክክል ያሰናብታል፤ 171 ሰዎች ደኅና ይባላሉ፣ የቀሩት 19 ሰዎች ግን ሳይታመሙ ፖዘቲቭ ይባላሉ። ፖዘቲቭ የሚል ወረቀት ይዘው ከአዳራሹ የወጡት እንግዲህ 9 እና 19፣ በድምሩ 28 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በእርግጥ የታመሙት 9 ናቸው። 9 ለ28 ሲካፈል 32 በመቶ ይመጣል። 90 በመቶ ትክክል በሆነ ምርመራ ፖዘቲቭ ከተባሉት ሦስት ሰዎች ሁለቱ በሽታው የለባቸውም ማለት ነው።

ይህ የሚሆነው ፈተናው ስለሚዋሽ አይደለም። ጤነኞቹ ብዙ ስለሆኑ ነው። ከብዙ ሰው ላይ የሚወሰድ ትንሽ ስሕተት ከጥቂት ሰው ላይ ከሚገኝ ትልቅ ስኬት ይበልጣል፤ የ190 አንድ አሥረኛ ከአሥሩ በሽተኞች ሁሉ ድምር በላይ ነው።

ያንኑ ፈተና ወስደን ወደ ሌላ ቦታ እንሂድ። አሁን 200ው ሰዎች ቤተሰብ ተጨንቆ፣ ሐኪም አይቶ፣ ወደ ነርቭ ሕክምና ክሊኒክ የላካቸው ናቸው፤ ግማሾቹ በእርግጥ ታመዋል እንበል። ከ100 ታማሚዎች 90ው ይያዛሉ፤ ከ100 ጤነኞች 10 በስሕተት ፖዘቲቭ ይባላሉ። ፖዘቲቭ ከተባሉት 100 ሰዎች 90ው ታማሚዎች ናቸው። እህቶችዎ የሰጉበት 90 በመቶ ያለው እዚህ ክሊኒክ ውስጥ እንጂ አዳራሹ ውስጥ አይደለም። ፈተናው አልተለወጠም፣ የማለፊያ ነጥቡም ያው 24 ነው፤ የተለወጠው በሩን ያንኳኳው ሰው ነው።

ለዚህ ነው አንድ ሰው ፖዘቲቭ የሚል ወረቀት ይዞ ሲመጣ እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው «ለምን ተመረመሩ?» ብዬ ነው። «ሰፈራችን መጡ፣ ነጻ ነው ሲሉ ሄድኩ» ከተባልኩ በመጀመሪያው ስሌት ውስጥ ነኝ። «አባባ ሁለት ጊዜ ከፒያሳ ወደ ቤት መመለሻው ጠፍቷቸው ሰው አደረሳቸው» ከተባልኩ ግን ወደ ሁለተኛው ተሸጋግሬያለሁ። አንድ አገር ያለ ምልክት ሽማግሌዎችን ሁሉ ለመርሳት በሽታ ይመርምር ወይስ አይመርምር የሚለው ራሱ ያልተቋጨ ጉዳይ ነው፤ የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል በ2020 ጉዳዩን መርምሮ ምልክት የሌለባቸውን አረጋውያን መመርመርን ለመደገፍም ለመቃወምም በቂ ማስረጃ የለም ብሏል።

እስከ አሁን ያደረግነው ስሌት ግን የእናትዎን የመታመም ዕድል አሁንም አጋንኖ የሚያሳይ ነው። ምክንያቱም 90 በመቶ የሚለውን ስፔሲፊሲቲ እንዳለ ተቀብለነዋል። ይህ ቁጥር የፈተናው ቋሚ ባሕርይ አይደለም፤ ማን ላይ እንደተለካ ይወስነዋል። እናትዎ ፊደል አልቆጠሩም። ፈተናውን ራሱን ገልጠን እንየው።

ሚኒ ሜንታል በ1975 አሜሪካ ውስጥ ታትሞ የወጣ ባለ 30 ነጥብ ፈተና ነው። 10 ነጥብ ጊዜንና ቦታን ለማወቅ ይሰጣል። 3 ነጥብ ሦስት ቃላትን ሰምቶ ወዲያው ለመድገም፣ ሌላ 3 ነጥብ እነዚያኑ ቃላት ከትንሽ ቆይታ በኋላ ለማስታወስ ነው። 5 ነጥብ ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ ለመውረድ፣ ወይም አንድን ቃል ከኋላ ወደ ፊት በፊደል ለመቁጠር ይሰጣል። የቀረው 9 ነጥብ ዕቃ ስም ለመጥራት፣ ዐረፍተ ነገር ለመድገም፣ ትእዛዝ ለመፈጸም፣ ጽሑፍ አንብቦ ያዘዘውን ለማድረግ፣ ዐረፍተ ነገር ለመጻፍና ሁለት የተጠላለፉ ባለ አምስት ማዕዘን ቅርጾችን ለመቅዳት ነው።

አሁን ትምህርት ቤት ገብቶ የማያውቅ፣ አእምሮው ግን ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሰው ያስቡ። ማንበቡ 1፣ መጻፉ 1፣ ቅርጽ መቅዳቱ 1፣ የመቀነሱ ሥራ 5፤ በድምሩ 8 ነጥብ ከትምህርት ቤት ጋር የተጣበቀ ነው። ይህ ሰው ስምንቱን ቢያጣ፣ ሌላውን ሁሉ ሳይሳሳት ቢመልስ የሚያገኘው 22 ነው። 22 ከ24 በታች ነው። አንዲት ቃል ሳይረሳ ፖዘቲቭ ሆነ ማለት ነው። ይህ የግምት ነገር አይደለም፤ በ1993 በአሜሪካ ከ18 ሺህ በላይ አዋቂዎች ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው ዘጠኝ ዓመትና ከዚያ በላይ የተማሩት መካከለኛ ውጤት 29 ሲሆን፣ ጭራሽ ያልተማሩትና እስከ አራት ዓመት ብቻ የተማሩት ግን 22 ነበር።

እናትዎ ያጡት 11 ነጥብ ነው። ከዚህ ውስጥ 8ቱ በዚህ መንገድ ሄደው ሊሆን ይችላል። የቀሩትን ሦስት ለመረዳት ደግሞ የጥያቄዎቹን አጠያየቅ ማየት ይበቃል። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ሲባሉ «ማርያም ናት» ብለው የሚመልሱ እናቶች አሉ። ወሩ በገባ በ21ኛው ቀን ከሆነ መልሱ ፍጹም ልክ ነው፤ ቁጥር ብቻ የሚጠብቅ መርማሪ ግን ዜሮ ይጽፋል። በሲዳማ ገጠር ያደጉ ሽማግሌ ደግሞ አራት ቀን ባለው የሲዳማ ሳምንት፣ በገበያው ዙር፣ ቀኑን አስተካክለው ሊነግሩት ይችላሉ፤ ወረቀቱ ላይ ግን ለዚህ ቦታ የለም። የእናትዎ አፍ መፍቻ ሲዳሙ አፎ ወይም ወላይትኛ ከሆነ ደግሞ በአማርኛ መፈተናቸው ራሱ ነጥብ ይበላል። «ከ100 ላይ 7 ሲቀነስ» ብትሏቸው ዝም የሚሉ እናት 100 ብር ተቀብለው የቅቤውን ዋጋ ቀንሰው መልስ ሲሰጡ እጃቸው አይዘገይም። መቀነስ ያውቃሉ፤ የማያውቁት የቃል ሒሳብን በትምህርት ቤት አጠያየቅ ነው።

ይህ በስሌቱ ላይ የሚያመጣውን እንይ። አሁን አዳራሹ ውስጥ ያሉት 200 ሰዎች ሁሉም ያልተማሩ ናቸው እንበል፤ በዚህም ምክንያት ስፔሲፊሲቲው ወደ 60 በመቶ ወርዷል ብለን እናስብ። አሥሩ ታማሚዎች እንደነበሩ ናቸው፣ 9ኙ ይያዛሉ። ከ190ው ጤነኞች ግን 40 በመቶው፣ ማለትም 76 ሰዎች፣ ፖዘቲቭ ይባላሉ። ፖዘቲቭ የተባሉት በድምሩ 85 ናቸው፤ ታማሚዎቹ 9። 9 ለ85 ሲካፈል 11 በመቶ ገደማ ነው። እናትዎ ከ90 በመቶ ይልቅ ለዚህ ቁጥር ይቀርባሉ። 60 በመቶው ለማሳያ የወሰድኩት ነው፤ ሆኖም 50 ወይም 70 ብታደርጉትም ድምዳሜው አይገለበጥም።

«ታዲያ ማለፊያው ከ24 ወደ 18 ቢወርድስ?» ሊሉ ይችላሉ። ይረዳል፤ በስሕተት የሚያዙት ጤነኞች ይቀንሳሉ። በዚያው መጠን ግን በእርግጥ የታመሙ ሰዎች ማምለጥ ይጀምራሉ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማሻሻል የሚቻለው ፈተናውን ራሱን በመለወጥ ነው። ይህም ተሞክሯል። ታንዛኒያ ገጠር ውስጥ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ አረጋውያን ተብሎ የተዘጋጀ አጭር ፈተና አለ፤ ቅርጽ በእርሳስ ከማስቀዳት ይልቅ በክብሪት እንጨት ያሠራል። እርሳስ ይዞ የማያውቅ እጅ የክብሪት እንጨት መደርደር አይሳነውም። በሌላ በኩል ከፍ ያለ ትምህርት ያለው ሰው በሽታው ጀምሮትም 27 ሊያገኝ ስለሚችል፣ ጡረታ የወጡ መምህር 27 አገኙ ብሎ ቤተሰብ የሚያየውን ለውጥ ችላ ማለትም አደጋ አለው።

ወደ መጀመሪያው አዳራሽ እንመለስና ስለ ፖዘቲቮቹ የሚደረገውን እንይ፤ የልየታ ምርመራ ጥቅሙ ያለው እዚህ ነው። 28 ሰዎች አሉን፤ 9 ታማሚ፣ 19 ጤነኛ። አንድ ሰው ብቻ በስሕተት ተሰናብቷል፤ ደኅና ከተባሉት 172 ሰዎች 1። ስለዚህ ፈተናው «ደኅና ነህ» ሲል በአመዛኙ ይታመናል፤ «ታመሃል» ሲል ግን የሚለው «ይህን ሰው ሌላ ዓይን ይየው» ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዓይን ምን ይሁን የሚለው ላይ ብዙ ጊዜ ስሕተት ይሠራል። ያንኑ ዓይነት የወረቀት ፈተና በሌላ ስም መድገም ትርፉ ትንሽ ነው፤ እናትዎ የመጀመሪያውን የወደቁት ባለመማራቸው ከሆነ ሁለተኛውንም በዚያው ምክንያት ይወድቃሉ። ስሕተቱ በድጋሚ ስለሚመጣ ሁለት ፖዘቲቭ እንደ ሁለት ማስረጃ አይቆጠርም። የሚያስፈልገው ስሕተቱ ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣ ምርመራ ነው፤ እሱም አብሯቸው የሚኖረውን ሰው መጠየቅ ነው። ለዚህ የተዘጋጁ መጠይቆች አሉ። አንደኛው ሰውየው ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረበት ጋር ሲነጻጸር በየዕለቱ ሥራው ተሻሽሏል፣ እንደነበረ ነው ወይስ ተዳክሟል ብሎ ከ1 እስከ 5 ያስመድባል። ሰውየውን የሚለካው ከራሱ ጋር ስለሆነ መማር አለመማር ብዙም አያዛባውም።

28ቱን በዚህ እናሳልፍ። ከ9ኙ ታማሚዎች 8ቱ ላይ ቤተሰብ ለውጥ አይቷል፣ ከ19ኙ ጤነኞች ደግሞ 2ቱ ላይ ብቻ አይቷል እንበል። አሁን የቀሩት 10 ሰዎች ናቸው፤ 8ቱ ታማሚዎች። 32 በመቶ የነበረው ዕድል በአንድ ውይይት 80 በመቶ ሆነ። ወደ ሆስፒታል መላክ የሚገባቸው፣ ጊዜና ገንዘብ ቢወጣባቸው የሚያዋጣው እነዚህ አሥሩ ናቸው።

ለእናትዎ እንግዲህ የምለው ይህ ነው። በመጀመሪያ የፈተናውን ወረቀት ጠይቁና 11ዱ ነጥብ የት የት እንደጠፋ ተመልከቱ። ከቆይታ በኋላ የሚጠየቁትን ሦስት ቃላት አስታውሰው ከሆነ፣ የጠፋውም ከማንበብ፣ ከመጻፍ፣ ከመቅዳትና ከመቀነስ ከሆነ፣ ነገሩ ወደ ትምህርት ጉዳይ ያደላል። ሦስቱንም ቃላት ጨርሰው ረስተው፣ ያሉበትን ከተማ ካላወቁ ግን 19ኙ ሌላ ትርጉም አለው። ጆሯቸውንም አስቡበት፤ ሰው በሚንጫጫበት አዳራሽ ያልተሰማ ቃል ሊታወስ አይችልም።

ከዚያ ተቀምጣችሁ ከአምስትና ከአሥር ዓመት በፊት ከነበሩት ጋር አነጻጽሯቸው። ዱቤ የሰጡትን ሰውና መጠኑን እንደ ድሮው ይይዛሉ? የቅቤውን መልስ ይሳሳታሉ፣ ደንበኞችስ እያረሙ ይመልሱላቸዋል? ከገበያ መመለሻው ጠፍቷቸው ያውቃል? ቡና ጥደው ይረሳሉ? ሰው ስም መርሳት ወይም ቁልፍ የት እንዳኖሩ መፈለግ ብቻውን በዚህ ዕድሜ ብዙ አይነግረንም፤ ለዓመታት ሲሠሩት የኖሩትን ሥራ መሳት ግን ይነግረናል። ገበያ መውጣታቸውን አታስቁሟቸው ያልኩትም ለዚህ ነው። ገበያው ኑሯቸው ነው፤ ከዚያም በላይ አእምሯቸው እንዴት እንደሚሠራ በየሳምንቱ የሚያሳያችሁ ከማንኛውም ወረቀት የተሻለ ፈተና እሱ ነው። ብታስቀሯቸው ለውጥ ቢመጣ እንኳ የምታዩበት መስኮት ይዘጋል።

ከእነዚህ በማናቸውም ለውጥ ካገኛችሁ ወደ ሐኪም ውሰዷቸው፤ ስለ መርሳት በሽታ ከመወሰኑ በፊት መታየት ያለባቸው ሊታከሙ የሚችሉ ነገሮች አሉ። የታይሮይድ ዕጢ ድካም፣ የቢ12 ቪታሚን እጥረት፣ ድባቴ፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ ኤችአይቪና ቂጥኝ፣ ከወደቁ በኋላ ራስ ቅል ውስጥ የሚጠራቀም ደም ሁሉም መርሳትን ሊያመጡ ይችላሉ። ለውጡ በቀናት ውስጥ በድንገት ከመጣ፣ በተለይ ትኩሳት ወይም መቃዠት ካለበት፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ የዚያኑ ቀን ይታዩ። ምንም ለውጥ ካላገኛችሁ ግን የዛሬውን ወረቀት አስቀምጡና ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው፣ ጸጥ ባለ ክፍል፣ ቢቻል በዚያው መርማሪ ይደገም፤ ያን ጊዜ የሚነጻጸሩት ከ24 ጋር ሳይሆን ከራሳቸው ከ19 ጋር ነው።